በስለት የተቆረጠና ዘግይቶ የመጣ የእግር ቁስል አያያዝ፦ ለነርስ ተማሪዎች የተዘጋጀ የጥናት ማስታወሻ

ይህ ማስታወሻ በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎች የተግባር ልምምድ ለሚያደርጉ የነርስ ተማሪዎች የተዘጋጀ ነው። ስለ ቁስል ሁሉ አይናገርም። የሚመለከተው በአጨዳ ወቅት ደጋግሞ የሚያጋጥመንን አንድ ዓይነት ቁስል ብቻ ነው፤ ይኸውም በማጭድ ወይም በመጥረቢያ ተቆርጦ፣ ሳይታጠብ አንድ ሁለት ቀን ከቆየ በኋላ ወደ እኛ የሚመጣ የቅልጥም ቁስል ነው። የዚህን ቁስል አያያዝ በደንብ የተረዳ ተማሪ የፈውስ ደረጃዎችን፣ የመሸፈኛ ምርጫንና የኢንፌክሽን ምልክቶችን እንደ ሦስት የተለያዩ የትምህርት ክፍሎች አያያቸውም፤ ሦስቱም የሚነሡት ቁስሉ ስንተኛ ቀኑ ነው ከሚለው አንድ ጥያቄ ነውና።

ለልምምድ እንዲያመች በማስታወሻው ሁሉ አንድ ታካሚ እንከተላለን። ከደምቢያ የመጡ የ50 ዓመት ገበሬ ናቸው እንበል። ጤፍ ሲያጭዱ ማጭዱ አምልጧቸው የግራ እግራቸውን ቅልጥም ከፊት ለፊት ቆርጧቸዋል። ደሙን ለማቆም የቡና ዱቄት ነስንሰው በነጠላ ቁራጭ አሰሩት፤ እኛ ዘንድ የደረሱት ረቡዕ ጠዋት ነው።

ቀኑን በትክክል ማወቅ

በመዝገብ ላይ የጉዳቱ ዕለት ዜሮ ተብሎ ይጻፋል፤ ማግሥቱ አንደኛ ቀን ይሆናል። ታካሚዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የጉዳቱን ዕለት ጨምረው ስለሚቆጥሩ፣ «ሦስተኛ ቀኔ ነው» ያሉት ሰው በእኛ አቆጣጠር ሁለተኛ ቀናቸው ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ቀን መሳሳት ቀላል ቢመስልም፣ ቀጥሎ እንደምናየው በሁለተኛው ቀን የሚጠበቅ እብጠት በአምስተኛው ቀን የአደጋ ምልክት ነው። ስለዚህ «ስንት ቀን ሆነው?» ከማለት ይልቅ «አባቴ፣ የተቆረጡት በምን ቀን ነው? ከገበያ ቀን በፊት ነው በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የእኛ ታካሚ «የሚካኤል ማግሥት ነው፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ» አሉ። ስለዚህ ሰኞ ዜሮ፣ ረቡዕ ደግሞ ሁለተኛ ቀን ነው። ይህ ቁጥር በካርዱ ራስጌ ላይ ይጻፋል፤ በየቀጠሮውም ይታደሳል።

በየትኛው ቀን ምን ይጠበቃል

ሰውነት ቁስልን የሚጠግነው በአራት ደረጃ ነው፤ ደረጃዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባሉ እንጂ በአንድ ሌሊት አይለዋወጡም። የመጀመሪያው የደም መቆም ነው። የተቆረጡት የደም ሥሮች ይጨመታተራሉ፣ ፕሌትሌቶች ተጣብቀው ይደፍኗቸዋል፣ ደሙም ይረጋል። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ ስለሆነ እኛ የምናየው የረጋውን ደም ብቻ ነው።

ሁለተኛው የብግነት ደረጃ ነው፤ ተማሪዎችን አብዝቶ የሚያደናግረውም ይኸው ነው። ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ እስከ አራተኛው ወይም አምስተኛው ቀን ድረስ ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያን ለመግደል ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ፤ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ማክሮፋጆች ተራውን ተረክበው የሞተውን ሥጋና የረጋውን ደም ያጸዳሉ፤ ለቀጣዩ ደረጃም ትእዛዝ ያስተላልፋሉ። ለእነዚህ ሴሎች መንገድ ለመክፈት የደም ሥሮች ስለሚሰፉ የቁስሉ ጠርዝ ይሞቃል፣ በጥቂቱ ያብጣል፣ ያማል፣ ጠራ ያለ ወይም ቀላ ያለ ፈሳሽም ይወጣል። ይህ ሁሉ ጤናማ ነው። ልብ መባል ያለበት አቅጣጫው ነው፤ ጤናማ ብግነት በጠርዙ ዙሪያ በጠባብ ክልል ተወስኖ ይቆያል፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላም ዕለት ከዕለት እየቀነሰ ይሄዳል።

ሦስተኛው አዲስ ሥጋ የሚበቅልበት ደረጃ ሲሆን ከአራተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ሳምንት ይዘልቃል። ፋይብሮብላስት የሚባሉት ሴሎች ኮላጅን ይሠራሉ፣ ጥቃቅን የደም ሥሮችም ወደ ውስጥ ይበቅላሉ፤ የቁስሉ ወለል ደማቅ ቀይ፣ እርጥብና ጠጠር ጠጠር ያለ መልክ ይይዛል። ከጠርዙ ደግሞ ሮዝ መሳይ ስስ ቆዳ ወደ መሐል ይሳባል። አራተኛው ጠባሳው የሚጠነክርበት ደረጃ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጀምሮ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል።

ከመታጠቡ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ቁስሉ ከመታጠቡ በፊት ከሥሩ ያለው ነገር ይፈተሻል፤ ማደንዘዣ ከተወጋ በኋላ የስሜት ምርመራ ዋጋ የለውም። በቅልጥም ፊት ለፊት ሦስት ነገሮች ይታያሉ። ታካሚው እግራቸውንና አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ እንዲያነሡ ይጠየቃሉ፤ ካልቻሉ ጅማት ተቆርጦ ይሆናል። በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል ያለው ቆዳ በጥጥ ጫፍ ይነካል፤ ካልተሰማቸው ነርቭ ተጎድቷል። በእግር ጀርባ ላይ ያለው የደም ሥር ትርታ በጣት ይዳሰሳል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ፣ ወይም ነጭ አጥንት ከታየ፣ ወይም አጥንቱ ተሰንጥቆ እንደሆነ ከተጠረጠረ ሥራው የጤና ጣቢያ አይደለም፤ ቁስሉ በእርጥብ ጎዝ ተሸፍኖ ታካሚው ወደ ሆስፒታል ይላካሉ።

የእኛ ታካሚ ሦስቱንም አልፈዋል። ቁስሉ 7 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ በጥልቁ ቦታ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ጠርዙ ሞቅ ብሏል፣ እብጠቱ ከጠርዙ አንድ ሳንቲ ሜትር አላለፈም፣ ሙቀታቸው 37.1 ነው፣ ሕመሙም «ከትናንት ቀለል ብሎኛል» ይላሉ። ለሁለተኛ ቀን የሚጠበቀው መልክ ይህ ነው። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው፣ የሚወስዱት መድኃኒት ካለ፣ ለፔኒሲሊን አለርጂ እንደሆኑና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስደው እንደሆነ አሁኑኑ ይጠየቃሉ። ከእሳቸው ዕድሜ የሆኑ ወንድ ገበሬዎች ብዙውን ጊዜ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስደው አያውቁም፤ በክትባት ዘመቻ በዋነኝነት የሚደረሱት ሕፃናትና እናቶች ናቸውና።

ማጠብ

አንድ ነገር ብቻ በደንብ መሥራት የምንችል ቢሆን የምመርጠው እጥበቱን ነው። ከየትኛውም ቅባትና ከየትኛውም አንቲባዮቲክ ይልቅ የቁስሉን ዕድል የሚወስነው በዚህ ሰዓት የሚወጣው ቆሻሻ ነው።

ለእጥበት ኖርማል ሳላይን ይመረጣል፤ ከሌለ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ይበቃል። የቧንቧው ውሃ የሚያጠራጥር ከሆነ ይፈላል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች፣ በ93 ገደማ ነው፤ ስለዚህ በዝቅተኛ ቦታ የሚመከረው አንድ ደቂቃ ለእኛ አይበቃም፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆያል። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ጨው ቢጨመር ከሳላይን ጋር የሚቀራረብ ውሃ ይገኛል። ከዚያ ተከድኖ ለብ እስኪል ይቀመጣል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ቁስሉን ስለሚያቀዘቅዘው የሴሎችን ሥራ ያዘገያል።

መጠኑ ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ርዝመት ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይታሰባል። ለ7 ሳንቲ ሜትር ከ350 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ይመጣል፤ ቡና የተነሰነሰበት ስለሆነ ወደ ከፍተኛው መሄድ ይሻላል። ውሃውን ከላይ ማፍሰስ ብቻውን አቧራና ባክቴሪያን አያላቅቅም፤ ግፊት ያስፈልገዋል። ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ላይ 18 ቁጥር መርፌ ተገጥሞ፣ ከቁስሉ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ በኃይል ሲገፋ ተገቢው ግፊት ይገኛል። ውሃው ወደ ፊት ስለሚረጭ መነጽርና ጓንት የግድ ናቸው።

ከመታጠቡ በፊት በጠርዙ ዙሪያ የማደንዘዣ መርፌ ይሰጣል። አንድ በመቶ የሆነ ሊዶኬይን 10 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ማለት ሲሆን ለ50 ኪሎ ሰው ከሚፈቀደው በታች ነው። ካልደነዘዘ ታካሚው ስለሚሠቃዩ ነርሷ ሳታውቀው ቶሎ ታቆማለች፤ ያልጸዳ ጥግም ይቀራል። የቡናው ዱቄት ከረጋው ደም ጋር ተጣብቆ ጥቁር ቅርፊት ስለሚሠራ በእርጥብ ጎዝ ለጥቂት ደቂቃ ተሸፍኖ ይለሰልሳል፣ ከዚያም በመቆንጠጫ ይለቀማል። ሲቆረጥ የማይደማና መልኩ የገረጣ ወይም የጠቆረ ሥጋ ሙት ነው፤ ይወገዳል። በመጨረሻ ጓንት ባደረገ ጣት የቁስሉ ጥጎች ይዳሰሳሉ፤ በማጭድ የተቆረጠ ቁስል ብዙ ጊዜ በሰያፍ ስለሚገባ በአንዱ በኩል ከቆዳው ሥር ኪስ ይተዋል።

ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ አልኮልና ያልተበረዘ ፖቪዶን አዮዲን ወደ ቁስሉ ወለል አይፈስሱም። ባክቴሪያን የሚገድሉትን ያህል ሊጠግኑ የመጡትን ሴሎችም ይገድላሉ። በዙሪያው ያለውን ደኅና ቆዳ ለማጽዳት ግን አዮዲን ተገቢ ነው።

ታካሚው ለምን አልሰፋም ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ሁለት ቀን የቆየና የቆሸሸ ቁስል ታጥቦም ቢሆን ወዲያው ከተሰፋ የቀረው ባክቴሪያ ከውስጥ ይዘጋበታል። ስለዚህ ክፍቱን ይተውና ከታጠበ ከሦስት እስከ አምስት ባሉት ቀናት ውስጥ ንጹሕ መሆኑ ከተረጋገጠ ይሰፋል። ይህ ለታካሚው በግልጽ ካልተነገራቸው ችላ የተባሉ መስሏቸው ሌላ ቦታ ሄደው ሊያሰፉት ይችላሉ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የመጀመሪያ ዙር በዚያው ዕለት ይሰጣል፤ ቁስሉ ቆሻሻና ክትባት ያልተወሰደበት ስለሆነ በሌላው ክንድ ወይም ጭን የቴታነስ ኢሚውኖግሎቡሊን 250 ዩኒት ይጨመራል። ጉዳቱ ከ24 ሰዓት ካለፈ፣ እንደ እኛ ታካሚ፣ 500 ዩኒት እንዲሰጥ የሚያዝዙ መመሪያዎች አሉ፤ የክፍሉን ፕሮቶኮል መከተል ይገባል።

መሸፈኛ መምረጥ

የመሸፈኛ ዓይነት የሚመረጠው የቁስሉን ወለል አይቶ፣ የሚወጣውን ፈሳሽ መጠን መዝኖ ነው። ቁስል ደርቆ ቅርፊት ሲይዝ ይድናል የሚለው እምነት በሙያተኛውም ዘንድ ገና አልጠፋም፤ ይሁን እንጂ በ1962 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ዊንተር በአሳማ ላይ ባደረገው ጥናት እርጥበቱ ተጠብቆ የተሸፈነ ቁስል ለአየር ተጋልጦ ከደረቀው በእጥፍ ያህል ፈጥኖ ቆዳ እንደሚለብስ አሳይቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አዲሱ ቆዳ ከጠርዝ ወደ መሐል የሚሳበው በእርጥብ ወለል ላይ ሲሆን ደረቅ ቅርፊት ሲያጋጥመው ከሥሩ ለመሄድ ይገደዳል። በአንጻሩ እርጥበቱ ከበዛ በዙሪያው ያለው ደኅና ቆዳ ነጭ ሆኖ ይጨማደዳል፣ ይላላል፤ ቁስሉም ይሰፋል። የሚፈለገው ወለሉ እርጥብ፣ ዙሪያው ደረቅ እንዲሆን ነው።

ፎምና አልጂኔት የሚባሉት ዘመናዊ መሸፈኛዎች በከተማው አንዳንድ ፋርማሲ ቢገኙም ለገበሬ ኪስ የሚቀመሱ አይደሉም። ስለዚህ ምርጫችን በጎዝ፣ በሳላይንና በቫዝሊን ጎዝ ላይ ይቆማል፤ በአግባቡ ከተያዙ እነዚህም ይበቃሉ።

በብግነቱ ደረጃ፣ ፈሳሹ ብዙ በሆነበትና ቁስሉ ጥልቀት ባለው ጊዜ፣ በሳላይን ተነክሮ የተጨመቀ ጎዝ ይመረጣል። ጠብ የሚል ውሃ ሊኖረው አይገባም። ጎዙ ተዘርግቶ፣ ወደ ኪሱም ጭምር ላላ ተደርጎ ይገባል፤ ተጠቅጥቆ ከተሞላ ደም ይከለክላል፣ ፈሳሹም መውጫ ያጣል። በላዩ ሁለት ሦስት ድርብ ደረቅ ጎዝ ይደረጋል። ጥጥ ግን ቁስሉን በቀጥታ አይነካም፤ ክሩ በሥጋው ውስጥ ይቀራል። ፋሻው ከጣቶቹ ግርጌ ጀምሮ በግማሽ እየተደራረበ እስከ ጉልበት በታች ይወጣል፤ ጣቶቹ ይታዩ ዘንድ ክፍት ይተዋሉ። ይህ መሸፈኛ በየቀኑ ይቀየራል።

በአንዳንድ ክፍሎች አሁንም የሚሠራበት ልማድ አለ፤ እርጥቡ ጎዝ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ተጠብቆ በደረቁ ይነቀላል። ሙት ሥጋ ከተጣበቀበት ጋር ይወጣል የሚል ነው ሐሳቡ። ነገር ግን ጎዙ ሙቱን ከሕያው ስለማይለይ አዲሱን ቀይ ሥጋም አብሮ ይነቅላል። ሲነሣ የደማና ታካሚውን ያስጮኸ መሸፈኛ ለሚቀጥለው ጊዜ ትክክለኛ አይደለም። የተጣበቀ ጎዝ በሳላይን እስኪለሰልስ ተጠብቆ ነው የሚነሣው።

ወለሉ ንጹሕ ቀይ ሆኖ ፈሳሹ ሲቀንስ፣ ማለትም ኢንፌክሽን በሌለበት ከሰባተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ፣ ወደ ቫዝሊን ጎዝ ይዞራል። አይጣበቅም፣ እርጥበቱን ይጠብቃል፤ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ብቻ መቀየሩ ደግሞ ከሩቅ ለሚመጣ ታካሚ የመኪና ወጪና የሥራ ቀን ያተርፋል። እዚህ ላይ ማር መጠየቁ አይቀርም። ማር በእርግጥ ባክቴሪያን ይከላከላል፤ ሆኖም ለቁስል የሚሠራበት ማር በጨረር የጸዳ ነው። ከቀፎ የወጣው የክሎስትሪዲየም ዘር ሊኖርበት ስለሚችል ጥልቅ ቁስል ውስጥ እንዲገባ አልመክርም።

ጠበል የሚሄዱ ታካሚዎችም አሉ። መከልከል ቁስሉን ከእኛ እንዲደብቁ ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም። እግሩ በፌስታል ተሸፍኖ፣ ከላይና ከታች ታስሮ እንዲጠመቁ፣ ፋሻው ከራሰ ደግሞ በዚያው ቀን እንዲቀየር መንገር ይበቃል።

ኢንፌክሽንን መግል ከመታየቱ በፊት ማወቅ

መጽሐፎቻችን የመጀመሪያው ምልክት መቅላት ነው ይላሉ፤ ሥዕሎቹም በነጭ ቆዳ ላይ የተነሡ ናቸው። በታካሚዎቻችን ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ቀይ ሆኖ አይታይም። ቆዳው ከዙሪያው ጠቆር ይላል፣ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ግራጫ ያደላል፣ ተወጥሮ ይብለጨለጫል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ በመብራት ሥር ምንም የተለየ ነገር አይታይም። ስለዚህ ዓይን ብቻ አይበቃም፤ እጅ መሥራት አለበት። የእጅ ጀርባ በመጀመሪያ በደኅናው እግር ተመሳሳይ ቦታ ላይ፣ ቀጥሎ በቁስሉ ዙሪያ ይደረጋል፤ የሙቀቱ ልዩነት እስከ የት እንደሚደርስ ይለያል። ከዚያ በጣት ጫፍ ከሩቅ ወደ ቁስሉ እየተጫኑ ይመጣል፤ ለስላሳው ቆዳ የጠጠረበት ቦታ የብግነቱ ድንበር ነው። ያ ድንበር በእስክርቢቶ ይሠመራል፣ ቀንና ሰዓት ይጻፍበታል። በማግሥቱ የምትመጣው ነርስ የትናንቱን ያላየች ብትሆንም መስመሩ ይነግራታል።

ከሁሉ ቀድሞ የሚናገረው ግን ሕመሙ ነው። «ያምዎታል?» ለሚለው ጥያቄ ሁሉም አዎ ይላል። የሚጠቅመው «ዛሬ ከትናንት ይሻላል ወይስ ይብሳል?» የሚለውና «ሌሊት ከእንቅልፍ ቀስቅሶዎታል?» የሚለው ነው። ከሦስተኛው ቀን በኋላ እየቀነሰ የነበረ ሕመም ተመልሶ ከጨመረ፣ ወይም የሚጠዘጥዝ ከሆነ፣ ሌላ ምልክት ባይኖርም ቁስሉ ተከፍቶ በጥንቃቄ ይመረመራል።

የወለሉ መልክም ቀድሞ ይለወጣል። ደማቅ ቀይ የነበረው ሥጋ ይደበዝዛል፣ ጎዝ ሲነካው በቀላሉ ይደማል፣ እየቀነሰ የነበረው ፈሳሽ እንደገና ይበዛል፣ ከጠርዝ የጀመረው ቆዳ ባለበት ይቆማል። በወለሉ ላይ የሚታየው ቢጫ ነገር ሁሉ መግል አይደለም፤ በጎዝ ሲጠረግ የማይለቀውና እንደ ስስ ሽፋን የተጣበቀው ፋይብሪን ነው፣ ተጠርጎ የሚወጣውና ተመልሶ የሚቋጥረው መግል ነው። ሽታም የሚገመገመው ከታጠበ በኋላ ነው፤ አንድ ቀን የዋለ ጎዝ ምንጊዜም ይሸታል። በጉያ ሥር ንፍፊት መውጣቱ፣ ከቁስሉ ወደ ላይ የሚሄድ ጠቆር ያለ ወይም ቀይ መስመር መታየቱ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ኢንፌክሽኑ ከቁስሉ አልፎ መሄዱን ያመለክታሉ። ትኩሳት ዘግይቶ ስለሚመጣ ቴርሞሜትሩ ደኅና ነው ማለቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

አንድ ዓይነት ኢንፌክሽን ግን የቀን ቆጠራን አይጠብቅም። በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ውስጥ ጭምር፣ ቁስሉ ከሚታየው በላይ እጅግ የበዛ ሕመም፣ እንደ እንጨት የጠጠረ እብጠት፣ ውሃ ወይም ደም የቋጠረ ቆዳ፣ ሲጫኑት የሚንኮሻኮሽ ድምፅ፣ እንዲሁም የእብጠቱ ድንበር በሰዓታት ውስጥ መስፋት ከታዩ ሥጋን የሚያበሰብስ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። እዚህ ላይ ማጠብም ማሸግም ጊዜ ማባከን ነው፤ በደም ሥር ፈሳሽና አንቲባዮቲክ ተጀምሮ በዚያው ሰዓት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይላካሉ።

ቅዳሜ፦ አምስተኛው ቀን

ታካሚያችን ሐሙስና ዓርብ በአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ ጎዝ ተቀይሮላቸው ቅዳሜ ጠዋት ለመሰፋት መጡ። ሙቀታቸው 37.4 ነው፣ መግል የለም፣ ላይ ላዩን ሲያዩት ቁስሉ ንጹሕ ነው። ሲጠየቁ ግን «ሲስተር፣ እስከ ሐሙስ ደኅና ነበርሁ፤ ትናንት ሌሊት ግን ሲጠዘጥዘኝ አደረ» አሉ። በእጅ ሲዳሰስ በውስጠኛው ጠርዝ በኩል ሙቀቱና ጥጥረቱ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ሄዷል፤ ረቡዕ ዕለት አንድ አልሞላም ነበር። በዚያው በኩል ወለሉ ደብዝዟል፣ ሲነካም ይደማል።

እነዚህ ነገሮች አንድ ላይ ሲመጡ ቁስሉ አይሰፋም። ታካሚው ከሩቅ መምጣታቸውና ለዚሁ መቀጠራቸው ውሳኔውን ሊቀይረው አይገባም። ማደንዘዣ ተሰጥቶ በውስጠኛው ጠርዝ በኩል ያለው ኪስ ሲከፈት የጤፍ ገለባ ቁራጭና የረጋ ደም ይገኛል፤ ይወጣል፣ በ500 ሚሊ ሊትር ሳላይን እንደገና ይታጠባል፣ እርጥብ ጎዝ ላላ ተደርጎ ይገባል። የጥጥረቱ ድንበር በእስክርቢቶ ይሠመራል። የኪሱ ፈሳሽ ለላቦራቶሪ የሚላክ ከሆነ ናሙናው የሚወሰደው ከታጠበ በኋላ ከንጹሑ ወለል ላይ ነው፤ ስዋቡ በአንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ላይ ፈሳሽ እስኪወጣ ተጭኖ ለአምስት ሰከንድ ይሽከረከራል። ከመግሉ ወይም ከአሮጌው ጎዝ ላይ የተወሰደ ናሙና በቆዳ ላይ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ብቻ ያሳያል። የኢንፌክሽን ምልክት ከሌለው ቁስል ናሙና መላክም ትርጉም የለውም፤ ክፍት ቁስል ሁሉ ባክቴሪያ ያበቅላልና ያልታመመ ሰው መድኃኒት እንዲወስድ ያደርጋል።

ኢንፌክሽኑ በዙሪያው ወዳለው ቆዳ ስለተዛመተ ሐኪሙ ክሎክሳሲሊን 500 ሚሊ ግራም በየስድስት ሰዓቱ ለሰባት ቀን አዘዙ። መድኃኒቱ ምግብ ከመበላቱ አንድ ሰዓት በፊት የሚወሰድ መሆኑ፣ በየስድስት ሰዓቱ ማለትም በቀን አራት ጊዜ ማለት መሆኑ፣ ሕመሙ ቢተዋቸውም እስከ መጨረሻው ሊወስዱት እንደሚገባ ተነገራቸው። የነቢያት ጾም የገባ ስለሆነ ስለ ምግብም ተነጋገርን፤ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ሥጋ ለሚጠግን ሰውነት ጥሩ ናቸው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መቆየቱ ግን ከመድኃኒቱ ጋር ስለማይስማማ ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመካከሩ ተመከሩ። እግራቸውን ከልብ ከፍታ በላይ አድርገው እንዲተኙ መባሉም እብጠቱን ለመቀነስ ከመድኃኒቱ ያላነሰ ድርሻ አለው።

ከ48 ሰዓት በኋላ፣ ሰኞ፣ ድንበሩ ከመስመሩ ወደ ውስጥ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ተመለሰ፤ እንቅልፍም ወሰዳቸው። መስመሩን አልፎ ቢሆን ኖሮ አንቲባዮቲኩን በሌላ ከመቀየር በፊት የቀረ ባዕድ ነገር ወይም ያልተከፈተ ኪስ ይፈለግ ነበር።

ከዚያ በኋላ

ከዚህ ወዲህ ቁስሉ ከሥር እየሞላ በራሱ እንዲዘጋ ይተዋል። በአሥረኛው ቀን ወለሉ ሙሉ በሙሉ ቀይ ስለሆነ ወደ ቫዝሊን ጎዝ ተዞረ። በየሳምንቱ ርዝመቱና ስፋቱ በሴንቲ ሜትር ይለካል፤ «እየተሻለው ነው» ብሎ መጻፍ ለሚቀጥለው ሰው አይረዳም። በአራት ሳምንት ውስጥ ስፋቱ በግማሽ ያልቀነሰ ቁስል መሸፈኛ በመቀያየር አይድንም፤ የደም ስኳር፣ የኤችአይቪ ምርመራ፣ የእግር ደም ዝውውር፣ ከሥር ያለው አጥንት መመረዙ ይታያል።

ቁስሉ ቆዳ ለብሶ ቢዘጋም በሦስተኛው ሳምንት የጠባሳው ጥንካሬ ከደኅናው ቆዳ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በስተመጨረሻም ከ80 በመቶ አያልፍም። ስለዚህ ወደ እርሻ ሲመለሱ ቅልጥማቸውን በወፍራም ጨርቅ እንዲሸፍኑ ይነገራቸዋል። የቁስሉ መልክ ምንም ያህል ደኅና ቢሆን፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ መንጋጋቸው ከጠነከረ ወይም መዋጥ ካቃታቸው ሳይዘገዩ እንዲመጡ ለቤተሰባቸው ጭምር ይነገራል። ሁለተኛው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከመጀመሪያው ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ቢያንስ ከስድስት ወር በኋላ ይሰጣል፤ ሁለቱም ቀኖች ታካሚው ከመሄዳቸው በፊት በካርዳቸው ላይ ይጻፋሉ።